ሦስተኛው ጀሪካን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ኢኮኖሚክስን ከነአካቴው ለማታውቁት ነው። ባለፈው ሰሞን እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ እኛ ግቢ ከሆነ ነገር ልነሳ።

ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የቀረን ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ብቻ ነበር። እማዬ አንዱን ለመጠጥና ለወጥ ብላ ጓዳ አስገባችው፤ ሁለተኛውን ለዕቃና ለሽንት ቤት አደረገችው። ሦስተኛው በረንዳ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ የእሁድ ሠርግ አለብኝ፣ የሀገር ልብሴን ላጥብበት አልኳት።

"እጠቢ፤ ግን ምኑ ይቅር?" አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ትምህርቱ በሙሉ ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል። በጀሪካኑ የእህቴን ልጆች ገላ ማጠብ ይቻላል፤ ወይም ሙቀቱ ያጠወለጋትን ሎሚ ማጠጣት። ሁሉም ያስፈልጋል፣ ውሃው ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ሊዮኔል ሮቢንስ በ1932 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሚክስ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የያዘው ይህንኑ ነው፦ ፍላጎታችን ብዙ ነው፣ ያለን ነገር ውስን ነው፣ ያም ውስን ነገር ለተለያየ ጥቅም ሊውል ይችላል። በረንዳው ላይ የምንተነፍሰውን አየር ማንም አልደለደለውም፤ አንዱ ሲተነፍስ ለሌላው አይጎድልምና።

ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ልብሴን ባጥብ ዋጋው ስንት ነው? የልጆቹ ገላና ሎሚዋ ተደምረው አይደለም። ልብሱን ብተወው እንኳ ውሃው ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ስለዚህ ዋጋው ከቀሩት የሚበልጠው አንዱ ነው፤ ለእኛ የልጆቹ ገላ። ይህንን የታለፈ አማራጭ ዋጋ ይሉታል። ልጆቹን አጠብናቸው።

ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የቧንቧውን ድምፅ ሰማን። መጣ! እጥረቱ አበቃ ማለት ነው። ውስንነት ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ አላበቃም። ውሃው ቀጭን ስለሆነ በርሜሉ እስኪሞላ አንድ ሰው ጎማ ይዞ መቆም አለበት፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አሁን የጎደለው ውሃ ሳይሆን እንቅልፍ ነው። ይህ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ በሚመጣው ቢል ላይ አይጻፍም።

እማዬ የቀሰቀሰችው እኔን ነው። እህቴ በነጋታው በ12 ሰዓት ሥራ ትገባለች፣ እኔ ግን ዓርብ ከሰዓት ነው የምገባው፤ ጠዋት መተኛት እችላለሁ። ሦስቱ ሰዓት ያው ሦስት ሰዓት ነው፤ ለእሷ ግን ከእኔ ይልቅ ይወደድባት ነበር።