ሳህኑ ውስጥ የቀረው ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በምመራት ትንሽ የውበት ሳሎን ውስጥ በአንድ የፋሲካ ሰሞን ስላጋጠመኝ የዕቃ ጉድለት ነው።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው 4 ቁጥር ቡናማ የፀጉር ቀለም፣ እያንዳንዱ 60 ግራም ገደማ የሚይዝ 10 ቲዩብ ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁ። የምዘግበው ቀላል በመሰለኝ መንገድ ነበር፤ ሥሩ ላይ የበቀለውን ሽበት ለመሸፈን ለምትመጣ ደንበኛ «ግማሽ ቲዩብ» ብዬ እጽፍ ነበር። በቅዳሜ ሹር ጠዋት ደብተሩ 10 ደንበኞች እንደተስተናገዱና 5 ቲዩብ እንደሚቀር ያሳያል፤ መደርደሪያው ላይ ግን አንድም አልነበረም። ሁለት ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር፤ መርካቶ ያለው አቅራቢዬም ሱቁን አልከፈተም።

ያን ቀን በልቤ የጠረጠርሁት ረዳቴን ነው። በአፌ ባልናገረውም አስተያየቴ እንደነገራት አውቃለሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከበዓሉ በኋላ ለወጥ ቤት የምንጠቀምበትን ዲጂታል ሚዛን አምጥቼ ቀለሙ ከመበጥበጡ በፊትና ሥራው ካለቀ በኋላ ሳህኑን መመዘን ጀመርሁ። የፀጉር ሥር ለመቀባት የሚበቃው በአማካይ 35 ግራም ቀለም ሆኖ ሳለ፣ ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ሙሉ ቲዩብ ጨምቀን ቀለሙ እንዲሠራ የሚያደርገውን ፈሳሽ፣ ዴቨሎፐሩን፣ በእኩል መጠን እንጨምርበት ነበር። ስለዚህ ከአንዲት ደንበኛ 25 ግራም ቀለም ከነዴቨሎፐሩ 50 ግራም ሆኖ ወደ መታጠቢያው ይፈስሳል። ከ10 ደንበኞች 250 ግራም፣ ማለትም ከ4 ቲዩብ በላይ ቀለም ጠፋ ማለት ነው። ቀለሙና ዴቨሎፐሩ አንዴ ከተገናኙ በኋላ ኬሚካላዊው ለውጥ ስለሚጀምር ድብልቁን ለነገ ማቆየት አይቻልም፤ ሳህኑ ውስጥ እየጠቆረ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ሌባው ሳህኑ ነበር።

አሁን መጀመሪያ 35 ግራም ብቻ እንበጠብጣለን፤ ካነሰ 10 ግራም እንጨምራለን። ቲዩቡ ውስጥ የቀረው አየር እንዳይገባበት ከታች ተጠቅልሎ በደንብ ይከደናል፣ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበታል፣ ከአዲሶቹ ፊት ይቀመጣል። ለእያንዳንዷ ቋሚ ደንበኛም የወሰደችው ግራም በካርዷ ላይ ይሰፍራል፤ የፀጉር ብዛት ከሰው ሰው ስለሚለያይ አማካዩ ብቻውን አያስተማምንም፣ ሙሉ ፀጉሯን ለምትቀባ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ሰኞ ሰኞ የተከፈቱትን ቲዩቦች እንመዝናለን፤ የባዶውን ቲዩብ ክብደት ከነክዳኑ ቀንሰን የቀረውን በግራም እንጽፋለን። በሳምንት 5 ደንበኛ ካለ 175 ግራም ያስፈልገናል፤ ዕቃው ገበያ ላይ ሲጠፋ አቅራቢው እስከ አንድ ሳምንት ስለሚያቆየን በዚያ ላይ የግማሽ ሳምንት መጠባበቂያ ጨምረን 265 ግራም ላይ ስንደርስ እናዛለን። ለበዓልና ለሠርግ ወራት ግን ይህ ቁጥር አይበቃም፤ በቀጠሮ መዝገቡ ላይ ያሉትን ስሞች ቆጥሮ መነሣት ያስፈልጋል።

የጓንት ነገር ከዚህ ይቀላል። 100 ፍሬ የሚይዝ ካርቶን 50 ጥንድ ነው፤ አንዱ ለመቀባት፣ ሌላው ለማጠብ ስለሚሆን ለ25 ደንበኛ ይበቃል። የመጨረሻው ካርቶን ሲከፈት ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለው ሲከፈት እናዛለን።

ኩቴክስ ግን በጠርሙስ ቁጥር አይለካም። 60 ጠርሙስ ቢደረደርም የሚፈለጉት ጥቂት ቀለሞች ናቸው፤ የቀሩት ሳይነኩ ፈሳሻቸው እየተነነ ይወፍራሉ፣ አንገታቸው ላይ የደረቀው ቀለም ክዳኑን እንዳይገጥም ስለሚያደርገው ደግሞ ብሶ ይደርቃል። ስለዚህ ከጠርሙሱ ሥር የተገዛበትን ወር እንጽፋለን፣ አንገቱን በአሴቶን በነካ ጥጥ እንጠርጋለን፤ አሴቶኑን ግን ውስጥ አንጨምርም፣ ቀለሙን ስለሚያበላሸው። 3 ወር ያልተነካውን ቀለም ደግመን አንገዛም።

ረዳቴን ሚዛኑ ያሳየውን ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የሰኞውን ምዘና አሁን የምትመራው እርሷ ናት። ባለፈው ሰኞ ከ4 ቁጥር ቡናማ 410 ግራም አገኘች፤ ከማዘዣው መስመር በላይ ቢሆንም ለሳምንቱ 8 ቀጠሮ ስለነበረ 280 ቀንሳ 130 እንደሚቀር አሰላችና፣ እኔ ገና ሻይ ሳልጨርስ ለአቅራቢው ደውላ 4 ቲዩብ አዘዘች።