በሰባተኛው ወር ደም ለምን ይቀንሳል?

(በኮዬ ፈጬ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። እርጉዞቹ ቁጭ በሉልኝ፤ ባሎች ወንበሩን ልቀቁላቸው።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ስለ ምግቡ ሚድዋይፎቹ ነግረዋችኋል፤ እኔ የማወራው ወረቀቱ ላይ ስለሚወጣ አንድ ቁጥር ነው፣ ስለ ሄሞግሎቢን። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ይናገራል። አንዲት እናት ሳታረግዝ 14.2 ነበረች እንበል። በሰባተኛው ወር ስትለካ 12.7 ሆነ። «ደሜ አለቀ» ብላ ትደነግጣለች፤ አማቷም ቀይ ስር መጭመቅ ይጀምራሉ። ቀይ ስሩ ይጠጣ፣ ክፋት የለውም፤ ቀለሙ ግን ደም አይሆንም።

ደም ስትሰጡን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሞልተን በማሽን እናሽከረክራለን። ቱቦዋ ስትወጣ ቀዩ ከታች ተጠቅጥቆ፣ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ቆሞ ይታያል። ቀዩ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ የደም ሴል ነው፤ ቢጫው ፕላዝማ ይባላል። የዚያች እናት ደም ከእርግዝናው በፊት 4 ሊትር ነበር፤ 1.7ቱ ቀይ ሴል፣ 2.3ቱ ፕላዝማ። በሰባተኛው ወር ቀዩ 2.1 ደረሰ፣ ፕላዝማው ግን 3.4። ጠቅላላ ደሟ 5.5 ሊትር ሆነ ማለት ነው። ቀዩ ራሱ በ400 ሚሊ ሊትር ጨምሯል። ነገር ግን ፕላዝማው ከዚያ አልፎ ስለሄደ ቀዩ ከመቶ 42 የነበረው ወደ 38 ወረደ፤ ሄሞግሎቢኑም አብሮት ወረደ። የእርግዝና ደም መቅጠን የምንለው ይህንን ነው።

ፕላዝማው ለምን ቀደመ? እርግዝናው ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የደም ሥሮችን ያላላል። ሥሩ ሲሰፋ ያለው ደም አይሞላውም፤ ኩላሊትም ደም የጎደለ መስሎት ጨውና ውሃ መያዝ ይጀምራል። ውሃ መያዝ ቶሎ የሚሆን ነገር ነው። ቀይ ሴል ግን መቅኒ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፣ ብረትም ይፈልጋል። ስለዚህ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ባለው ጊዜ ልዩነቱ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ፕላዝማው መጨመሩን ሲያቆም ቀዩ መሠራቱን ይቀጥላል፤ ወደ መጨረሻው ቁጥሩ ትንሽ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

መቅጠኑ ጥቅምም አለው። ቀጭን ደም በእንግዴ ልጁ ጠባብ መንገዶች በቀላሉ ያልፋል። በወሊድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ደም ቢፈስ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ቀዩ 190 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ደሙ ባይቀጥን 210 በሄደ ነበር። በስምንተኛው ወር «የእኔ ደም 15 ነው፣ አንድም አልወረደም» የምትሉ ካላችሁ ብዙ አትኩሩ፣ ግፊታችሁን አስለኩ። ፕላዝማው በሚገባው ልክ አለመጨመሩ አንዳንዴ ከግፊትና ከፅንሱ በደንብ አለማደግ ጋር አብሮ ይታያል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «የእርግዝና ነው» የሚለው ቃል እውነተኛውን ደም ማነስ ሲሸፍን አይቻለሁ። አንዲት እናት በሰባተኛ ወሯ 10.6 ይዛ መጣች፤ ሌላ ቦታ «የእርግዝና ነው፣ አትጨነቂ» ተብላለች። ካርዷን ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ በመጀመሪያው ክትትል 11.2 ነበረች። ፕላዝማው ገና ብዙም ሳይጨምር ዝቅ ብላ ነው የጀመረችው። ሁለተኛው ምልክት የሴሉ መጠን ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ ተብሎ ይጻፋል። ከ80 በታች መሆን የለበትም፣ የእሷ 70 ነበር። መቅጠን ሴሎቹን ያራርቃቸዋል እንጂ አያሳንሳቸውም። የሚያንሱት በአብዛኛው ብረት ሲያጡ ነው፤ የብረት ክምችቱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራም ባዶ መሆኑን ነገረን።

በዚያ ላይ የምንኖርበትን ከፍታ አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የነፍሰ ጡር ወሰን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11፣ በመካከለኛው 10.5 ነው፤ ይህ ግን የተቆረጠው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ድርጅቱ ራሱ በወሰኑ ላይ አንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩ ይላል። እዚህ ለምትኖር እናት 10.6 «ለጥቂት ነው ያነሰው» የሚባል አይደለም።

በሙሉ እርግዝናው ሰውነታችሁ 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል፤ ግማሽ የሚጠጋው ለዚያ ለተጨመረው ቀይ ሴል ነው። የአይረን ፎሌቱ ኪኒን የሚሰጣችሁ ለዚህ ነው። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ኪኒኑን ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል አርቁት። ሆድ ካደረቀ ወይም ሰገራ ካጠቆረ ንገሩን፣ ዝም ብላችሁ አታቁሙት።

የመጀመሪያ ክትትላችሁን ካርድ የያዛችሁ ወደዚህ ኑ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አብረን እናያለን።