የአልጋ 7 ርክክብ፦ ከተደበላለቀ ማስታወሻ ወደ ኤስባር

[ምስል፦ ከጋውን ኪስ የወጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። እስክሪብቶ ዳር ዳሩን ሁሉ ሞልቶታል።]

ተራኪ፦ ይህ ወረቀት ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሠራ ነርስ ግን አይቶ የማያውቀው ዓይነት አይደለም። እንዳለ ላንብበው።

[ምስል፦ ወረቀቱ ቀርቦ ይታያል። መስመሮቹ ሲነበቡ ይደምቃሉ።]

«አልጋ 7። ቤተሰብ ምግብ መቼ እንደሚጀምሩ ጠየቀ። ፋሻው ደረቅ። ምሽት 2 ሰዓት ግፊት 128/76፣ ምት 84። የግራ እጅ ካኑላ ይቀየር። ፔኒሲሊን ሽፍታ። ፓራሲታሞል 1 ግራም ሌሊት 10። ሽንት 45፣ 30፣ 20። ብርድ ብርድ አላቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ግፊት 104/62፣ ምት 112፣ ትንፋሽ 24፣ ሙቀት 37.9። ሆድ ነፋ ብሏል። ደም ላብራቶሪ ሄዷል። ሐኪም ተጠርቷል፣ ሪንገር 500። አምሎዲፒን ጠዋት 2።»

ተረካቢዋ ነርስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትመጣለች። ወረቀቱ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ቢነበብላት መጀመሪያ የምትሰማው የምግብ ጥያቄን ነው፤ ከዚያ ደረቅ ፋሻ፣ ከዚያ ደህና ግፊት። ምት 112 ላይ ሲደረስ እሷ በልቧ «ደህና አድረዋል» ብላ ወደ አልጋ 8 እያሰበች ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ አራት ባዶ ሳጥኖች፦ ኤስ፣ ቢ፣ ኤ፣ አር።]

ኤስባር አራት ጥያቄ ነው። ኤስ፦ አሁን ምን እየሆነ ነው? ቢ፦ ታካሚዋ በምን ምክንያት እዚህ ደረሱ? ኤ፦ እኔ ሳየው ምን ይመስለኛል? አር፦ ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ መቼ? የሚነገረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ስታዘጋጁት ግን ከኤ ጀምሩ። ከኤስ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የመጣበትን የሕመም ስም ጽፎ ያልፋል፤ አሁን ያለውን ሁኔታ ማወቅ የሚቻለው ቁጥሮቹ ከተነጻጸሩ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ሁለቱ የግፊት ንባቦች ከወረቀቱ ተነሥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ።]

እናነጻጽር። ሁለት ጊዜ የተለካውን ነገር ሁሉ ጎን ለጎን አድርጉት። 104 ብቻውን ቢታይ ማንንም አያስደነግጥም። ነገር ግን እኚህ እናት የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው፤ ምሽት 128 ነበሩ። ምታቸው ከ84 ወደ 112 ወጥቷል። ሽንታቸው ሌሊት 10 ሰዓት 45፣ 11 ሰዓት 30፣ ጠዋት 12 ሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ነው። ክብደታቸው 70 ኪሎ ስለሆነ በሰዓት ቢያንስ 35 እንጠብቃለን፤ ይህም በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ነው።

ሙቀቱስ? 37.9 ትንሽ ይመስላል። ፓራሲታሞሉ የተሰጠው ግን ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ የተለካው ከ2 ሰዓት በኋላ። መድኃኒቱ አውርዶት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ መስመሮች አብረው መነገር አለባቸው። በወረቀቱ ላይ ተራርቀው ነበር።

ሽንት ቀነሰ ከማለታችሁ በፊት ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ተጣጥፎ ወይም በታካሚዋ ጭን ሥር ተጨፍልቆ ከሆነ ሽንት የቀነሰው በሌላ ምክንያት ነው። አይታችሁ ከሆነ «አይቼዋለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ተረካቢዋ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ብዙ ነርሶች የሚፈሩት ሳጥን ይኸው ኤ ነው። «ምርመራ ማውጣት የሐኪም ሥራ ነው» ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን የሕመሙን ስም ያወጣችሁ እናንተ ሁኑ ያለ የለም። «ምክንያቱን አላውቅም፣ ነገር ግን እየባሰባቸው ነው፤ ደም መፍሰስ ወይም የተሰፋው አንጀት ማፍሰስ እንዳይሆን እሰጋለሁ» ማለት የነርስ ግምገማ ነው። ቁጥር ብቻ ደርድሮ ዝም ማለት ግን ሥጋቱን ተረካቢዋ ራሷ እንድታገኘው መተው ነው።

[ምስል፦ ቢ ሳጥን። ጥቂት መስመሮች ብቻ ይገባሉ።]

ቢ አጭር ይሁን። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ይህ መረጃ ቁጥሮቹን የምናነብበትን መንገድ ወይም የምንሰጠውን መድኃኒት ይለውጣል? የቀዶ ሕክምናው ቀን ይለውጣል። የደም ግፊት ሕመሙ ይለውጣል። የፔኒሲሊን ሽፍታ ይለውጣል። የልጅነት ቶንሲል ቀዶ ሕክምና አይለውጥም፤ ቻርቱ ላይ ይቆይ።

[ምስል፦ የሥራ ዝርዝሩ ከአር ሳጥን ፊት ይቆማል።]

አሁን ወደ አር። የሥራ ዝርዝር እንዳለ ተገልብጦ አር አይሆንም፤ ዝርዝሩ የተጻፈው ታካሚዋ ደህና በነበሩበት ሰዓት ነው። «አምሎዲፒን ጠዋት 2» የሚለውን ተመልከቱ። ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ነው፣ ግፊታቸው ደግሞ እየወረደ ነው። ተረካቢዋ ትእዛዙን በታማኝነት ብትፈጽም ልትጎዳቸው ትችላለች። ስለዚህ መስመሩ «ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ» ወደሚል ይቀየራል። ካኑላውም እንዲሁ ነው። ትናንት ተራ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ሪንገሩ የሚገባው በእሱ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ ሌላ መስመር የለም። ወደ ላይ ይወጣል።

ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ «ጠዋት» ወይም «ምሽት» አትርሱ። «2 ሰዓት» በቀን ሁለቴ አለ።

[ምስል፦ ሙሉው ርክክብ በስክሪን ላይ፣ ከድምፁ ጋር እኩል እየተጻፈ።]

አስረካቢ ነርስ፦ «ኤስ። አልጋ 7፣ የ62 ዓመት እናት፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወዲህ እየባሰባቸው ነው። ግፊት እየወረደ፣ ምት እየጨመረ፣ ሽንት እየቀነሰ ነው። መጀመሪያ እሳቸውን እንይ።

ቢ። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ዛሬ 3ኛ ቀናቸው ነው። የደም ግፊት አለባቸው፣ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ፔኒሲሊን ሽፍታ ያወጣባቸዋል።

ኤ። ግፊት ከ128/76 ወደ 104/62፣ ምት ከ84 ወደ 112፣ ትንፋሽ 24። ሙቀት 37.9፣ ያውም ፓራሲታሞል ከወሰዱ 2 ሰዓት በኋላ። ሽንት በመጨረሻው ሰዓት 20፤ ካቴተሩ አልተጣጠፈም፣ አይቼዋለሁ። ሆዳቸው ከምሽቱ ይልቅ ነፍቷል፣ ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ደም መፍሰስ ወይም የተሰፋው ማፍሰስ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አር። ሐኪሙ ጠዋት 12 ሰዓት ከ10 ተነግሮታል። በትእዛዙ ሪንገር ላክቴት 500 ሚሊ ሊትር እየገባ ነው፤ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ያልቃል። እንዳለቀ ግፊት፣ ምትና ትንፋሽ ለኪ። የላይኛው ግፊት ከ100 ቢያንስ፣ ምት ከ110 ባይወርድ፣ የሰዓት ሽንት ከ35 ቢያንስ ሐኪሙ ወዲያው እንዲጠራ አዟል። ሌላ ካኑላ አሁኑኑ ይገባ። አምሎዲፒን ሳይጠየቅ አይሰጥ። ሐኪሙ እስኪያያቸው በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ቤተሰቡ ስለ ምግብ ጠይቋልና ንገሪያቸው። የላብራቶሪው ውጤት አልመጣም፣ ተከታተዪው።»

[ምስል፦ ሁለቱ ነርሶች አልጋው አጠገብ። ተረካቢዋ የጻፈችውን መልሳ ታነባለች።]

ተረካቢ ነርስ፦ «1 ሰዓት ከ10 ላይ እለካለሁ። ከ100 በታች፣ ከ110 በላይ፣ ከ35 በታች። ሲስተር፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የምጠራው ወይስ አንዱ ይበቃል?»

ተራኪ፦ አስረካቢዋ ይህንን አልጻፈችውም። ሲታዘዝ ሰምታዋለች፤ ለእሷ ግልጽ ስለነበር ወረቀቱ ላይ አላረፈም።

አስረካቢ ነርስ፦ «አንዱ ይበቃል።»

[ምስል፦ በአር ሳጥን ውስጥ «ከሦስቱ አንዱ ቢታይ» የሚል ቃል ይጨመራል። ሰዓቱ 1 ከ05 ያሳያል።]