ከመጋቢት እስከ ሰኔ ስንት ወር ነው? የአክሩዋልና የቅድመ ክፍያ ጥያቄዎች (የፖድካስት ውይይት)

ትዕግስት፦ ጤና ይስጥልን። ከጎንደር ነን፤ ትዕግስትና ደሴ። ዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቀን ነው። አምስት የምርጫ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፣ ሁሉም ስለ አክሩዋል፣ ማለትም ቀድሞ ተጠቅሞ በኋላ ስለ መክፈል፣ እና ስለ ቅድመ ክፍያ ናቸው። መልሱን ብቻ አይደለም፣ የተሳሳተው ምርጫ ከየት እንደሚመጣም እናያለን።

ደሴ፦ አምስቱንም እንጨርሳለን?

ትዕግስት፦ እንሞክራለን። ጥያቄ አንድ። አንዲት ነጋዴ መጋቢት 1 ቀን የአንድ ዓመት የሱቅ ኪራይ 48,000 ብር በአንዴ ከፈለች። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ቀን ቅድመ ክፍያ ሆኖ የሚቀረው ስንት ነው? ሀ፣ 16,000። ለ፣ 32,000። ሐ፣ 36,000። መ፣ 48,000።

ደሴ፦ ቆይ፣ ይቺ ነጋዴ አንቺ ነሽ አይደል?

ትዕግስት፦ እኔው ነኝ። ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትኩ ጊዜ ነው። አከራዬ የዓመቱን በአንዴ ካልሰጠሽኝ ቁልፉን አልሰጥሽም አሉ። ያኔ እቁብ ደርሶኝ ነበር። የእቁቡን ብር እንዳለ አስረከብኳቸው።

ደሴ፦ እንዳለ!

ትዕግስት፦ እንዳለ። ከዚያ አራት ወር ሠራሁ። ሰማያዊ ደብተር ነበረችኝ፤ በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ። ሰኔ 30 ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። የገባው 70,000 ብር። ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለልጁ ደሞዝ የወጣው 41,000። ኪራይ 48,000። ብደምረው ብቀንሰው 19,000 ብር ኪሳራ!

ደሴ፦ በአራት ወር?

ትዕግስት፦ በአራት ወር። አለቀስኩ እኮ። ነገውኑ እዘጋዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። አጎቴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደብተሩን ተቀበሉኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ሐምሌ 1 ቀን ከሱቁ ያስወጡሻል?» አሉኝ። ኧረ አያስወጡኝም፣ እስከ የካቲት ከፍያለሁ አልኳቸው። «ታዲያ ገና ያልተቀመጥሽበትን ወር ኪራይ ለምን ዛሬ ወጪ ታደርጊዋለሽ?» አሉ።

ደሴ፦ በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ትዕግስት፦ ይኸው ነው። በእስክሪብቶ 48,000ን ሰረዙና 16,000 ጻፉ። የአራት ወር፣ በወር 4,000። ኪሳራው ጠፋ፤ 13,000 ብር ትርፍ ሆነ። እኔ ልዘጋው የነበረው የሚያተርፍ ሱቅ ነበር!

ደሴ፦ ብሩ ግን እጅሽ ላይ የለም።

ትዕግስት፦ የለም። ተማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ማለት መሳቢያ ውስጥ ያለ ብር ማለት አይደለም። 32,000ው ከእጄ ወጥቷል፤ በምትኩ ግን ስምንት ወር ሱቁ ውስጥ የመቀመጥ መብት አለኝ። ያ መብት ንብረት ነው። ስለዚህ ንብረትና ዕዳ በሚታይበት ባላንስ ሺት ላይ ፕሪፔይድ ሬንት ተብሎ ከንብረት ጋር ይቀመጣል። መልሱ «ለ» ነው።

ደሴ፦ 36,000 የሚለው ከየት መጣ?

ትዕግስት፦ እሱን ነው የምወደው። እኔ የማስጠናቸው ልጆች አብዛኞቹ እሱን ይመርጣሉ። ሰኔ አሥረኛ ወር ነው፣ መጋቢት ሰባተኛ። አሥር ሲቀነስ ሰባት፣ ሦስት። ሦስት ወር ተጠቀመች፣ ዘጠኝ ቀረ፣ ዘጠኝ በ4,000 ሲባዛ 36,000።

ደሴ፦ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል።

ትዕግስት፦ ይመስላል! ግን መጋቢት 1 ከከፈለች መጋቢት ራሱ ይቆጠራል። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። አራት። የተጠቀምኩትና የቀረው ተደምሮ አሥራ ሁለት መጣልኝ ብላችሁ አትተማመኑ። ሦስትና ዘጠኝም አሥራ ሁለት ነው። በጣት፣ ወሮቹን በስማቸው እየጠራችሁ ቁጠሩ። ከሐምሌ ጀምሩ፦ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። ስምንት። ዘጠነኛው ወር ስም የለውም።

ደሴ፦ አለው እንጂ። ጳጉሜ!

ትዕግስት፦ መጣ ደግሞ። ይኸውላችሁ፣ ደሴ ሁልጊዜ ጳጉሜ ላይ ነው።

ደሴ፦ እኔ እኮ የምለው፣ ዓመቱ 365 ቀን ነው። አንቺ የተጠቀምሽው 120 ቀን ነው። 48,000ን ለ365 አካፍለሽ በ120 ብታባዢው 15,781 ገደማ ይመጣል። የቀረው ደግሞ 32,219። በቀን ሲቆጠር ትክክሉ ያ ነው።

ትዕግስት፦ ውሉ ላይ ግን «በወር 4,000» ነው የሚለው። እኛ ሀገር ደሞዙም ኪራዩም በአሥራ ሁለት ወር ነው የሚታሰበው። የጳጉሜ ኪራይ ከፍለህ ታውቃለህ?

ደሴ፦ አላውቅም። ግን ቤቱ ውስጥ አድሬያለሁ። በነጻ ነው ያደርኩት?

ትዕግስት፦ የእኔ አከራይ አንድ ዓመት ላይ የአምስት ቀን ጨምሪ ብለውኝ ነበር። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጄ ተለማምጬ ነው የተዉልኝ።

ደሴ፦ አየሽ፣ እሳቸውም እንደኔ ነው የሚያስቡት።

ትዕግስት፦ እሺ፣ ውሉ በቀን የሚል ከሆነ በቀን ይቆጠር። ፈተና ላይ ግን ጥያቄው በወር ከሰጠ በወር ነው። ምርጫዎቹም 32,219 አይሉም።

ደሴ፦ ለፈተናው እስማማለሁ። ለሱቁ አልስማማም።

ትዕግስት፦ ይሁን። አንድ ነገር ልጨምርና እንለፍ። የተከፈለው መጋቢት 30፣ ውሉም የሚጀምረው ሚያዝያ 1 ቢሆን ኖሮ መቀነሱ ይሠራ ነበር፤ ሦስት ወር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ።

ደሴ፦ ጥያቄ ሁለት?

ትዕግስት፦ ሁለት ያው ኪራይ ነው። 48,000ው ሲከፈል ሙሉ በሙሉ የኪራይ ወጪ፣ ሬንት ኤክስፔንስ ተብሎ ተመዝግቧል። ሰኔ 30 ሂሳቡን የሚያስተካክለው ምዝገባ፣ አጀስቲንግ ኢንትሪው፣ ምንድን ነው? ሀ፣ ሬንት ኤክስፔንስ ዴቢት 16,000፣ ፕሪፔይድ ሬንት ክሬዲት 16,000። ለ፣ ፕሪፔይድ ሬንት ዴቢት 32,000፣ ሬንት ኤክስፔንስ ክሬዲት 32,000። ሌሎቹን ልተዋቸው፤ ጦርነቱ በሁለቱ መካከል ነው።

ደሴ፦ ልጆቹ «ሀ»ን ይመርጣሉ። ክፍል ውስጥ የሚለመደው እሱ ነው።

ትዕግስት፦ ልክ ነህ። «ሀ» የሚሠራው መጋቢት 1 ላይ ፕሪፔይድ ተብሎ ከተመዘገበ ነው። ያኔ የተበላውን 16,000 ወደ ወጪ ታወጣለህ። እዚህ ግን ሁሉም ወጪ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ያልተበላውን 32,000 ከወጪ አውጥተህ ወደ ንብረት ትመልሳለህ። አጎቴ በደብተሬ ላይ ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

ደሴ፦ መጨረሻው ግን አንድ ነው።

ትዕግስት፦ አንድ ነው። በሁለቱም መንገድ ወጪ 16,000፣ ንብረት 32,000። የሚለያየው መነሻው ነው። ሂሳቦቹ ሁሉ ከነቀሪያቸው በሚዘረዘሩበት ትራያል ባላንስ ላይ 48,000 በየትኛው ስም እንደተቀመጠ እዩ። ስሙ ኢንትሪውን ይነግራችኋል። እዚህ ላይ «ሀ»ን ብትመርጡ ወጪው 64,000 ይሆናል። ከተከፈለው በላይ ወጪ! ያን ካያችሁ ወዲያው እንደተሳሳታችሁ ታውቃላችሁ።

ደሴ፦ እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፕሪፔይድ ብሎ መመዝገብን እመርጣለሁ። ሰው ቢረሳው እንኳ ንብረቱ ጎልቶ ይታያል።

ትዕግስት፦ ከረሳው ደግሞ ያለቀ ኪራይ ንብረት ሆኖ ይቀመጣል። ትርፉም ያለ አግባብ ያብጣል።

ደሴ፦ በወር በወር የሚዘጋ ሰው አይረሳም።

ትዕግስት፦ የፎቶ ኮፒ ቤት በወር በወር ይዘጋል እንዴ? ተወው፣ ሰዓቱ ሄደ። መብራት ላይ ልሂድ። አክሩዋልን ሳልነካ ልጨርስ ነው።

ደሴ፦ የሰኔ መብራትሽን ተናገሪ።

ትዕግስት፦ አዎ፣ 13,000 ተረፈኝ ብዬ ስደሰት አጎቴ «የሰኔ መብራት ተከፍሏል?» አሉ። ቢሉ ሐምሌ ላይ ነው የሚመጣው አልኳቸው። «ማሽኑ የበላው ግን ሰኔ ላይ ነው» አሉ። ቢሉ ሲመጣ 900 ሆነ። ትርፌ 12,100 ሆነ ማለት ነው። አክሩዋል ይሄ ነው። ቀድሞ ተጠቅሞ በኋላ መክፈል፤ የኪራዩ ግልባጭ።

ደሴ፦ የኛ ቤት ግን ካርድ ቆጣሪ ነው። መጀመሪያ ብር እንሞላለን።

ትዕግስት፦ አየህ፣ ያው መብራት በካርድ ሲሆን ቅድመ ክፍያ ይሆናል። ሰኔ 30 ቆጣሪው ላይ የቀረው ያልተበላ ነው። ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሱቅ ዝም ብሎ ወጪ ያደርገዋል። ስለዚህ «መብራት ሁልጊዜ አክሩዋል ነው» ብላችሁ አትሸምድዱ። የትኛው እንደቀደመ ጠይቁ፤ ክፍያው ወይስ መጠቀሙ።

ደሴ፦ ጥያቄው የታል?

ትዕግስት፦ ይኸውና። በዓመቱ ውስጥ ለመብራት የተከፈለው 14,500 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,200ው የአምናው የሰኔ ቢል ነው። የዘንድሮው ሰኔ ቢል 1,600 ሐምሌ ላይ ደረሰ። የዘንድሮ ወጪ ስንት ነው? ሀ፣ 14,100። ለ፣ 14,500። ሐ፣ 14,900። መ፣ 16,100።

ደሴ፦ 16,100። አይ፣ ቆይ። የአምናው ይወጣል። 14,900።

ትዕግስት፦ መጀመሪያ ያልከው ነው ወጥመዱ። 1,600ን መጨመር ሁሉም ያስታውሳል። 1,200ን መቀነስ ይረሳል፤ ምክንያቱም ብሩ የተከፈለው ዘንድሮ ነው። 14,100 ደግሞ ምልክቱን ገልብጦ፣ የአምናውን ደምሮ የዘንድሮውን የቀነሰ ሰው መልስ ነው።

ደሴ፦ ላለመሳሳት ምን ያድርጉ?

ትዕግስት፦ ቢሎቹን ጠረጴዛ ላይ እንደደረደሩ ያስቡ። የተከፈሉት አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከአምናው ሰኔ እስከ ዘንድሮ ግንቦት። የምንፈልጋቸውም አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። ስለዚህ ከዳር አንዷን አሮጌ ሰኔ አንሳ፣ በሌላው ዳር አዲሷን ሰኔ አስቀምጥ። 14,500 ሲቀነስ 1,200፣ ሲደመር 1,600። «ሐ»።

ደሴ፦ ሁለት ጥያቄ ቀርቶናል፣ ጊዜው ግን አልቋል።

ትዕግስት፦ አራተኛውን ብቻ። አጭር ናት። ያቺ 32,000 ብር በአከራዬ ደብተር ላይ ምን ትባላለች? ሀ፣ ገቢ። ለ፣ ንብረት። ሐ፣ ዕዳ። መ፣ ወጪ።

ደሴ፦ ብሩን ተቀብለዋል፣ ገቢ... አይደለም። ቤቱን ገና አልሰጡሽም።

ትዕግስት፦ የስምንት ወሩን አልሰጡኝም። እኔ ጋ ንብረት የሆነችው እሳቸው ጋ ዕዳ ናት። የተበደሩኝ ብር ሳይሆን ቤት ነው።

ደሴ፦ ስምንት ወር ከጳጉሜ ጋር።

ትዕግስት፦ እሺ ደሴ፣ ከጳጉሜ ጋር።