ፖስተሩ ሲነበብ ምን ይሰማል?

ሄለን፦ ዛሬ አንድ ፖስተር ይዘን እንነጋገር። የመጽሐፍ ምርቃት ማስታወቂያ ነው እንበል። የመጽሐፉ ሽፋን፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ፣ ሁሉም ምስሉ ላይ ነው ያለው። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ የተጻፈው «እንዳትቀሩ» ብቻ ነው፤ ሦስት የእሳት ኢሞጂና አምስት ሀሽታግ ተከትለውታል። የስልኩን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብለት ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰው ምን ይሰማል?

ዳዊት፦ «ፎቶ»፣ ቀጥሎ «እንዳትቀሩ»፣ ቀጥሎ የእሳቱ ስም፣ ያውም እንደ ስልኩ ሦስት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። የትና መቼ የሚለውን አይሰማም። ስክሪን ሪደር ድምፅ የሚያደርገው የተተየበ ጽሑፍን ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ፊደል ግን ለስልኩ እንደ ማንኛውም ሥዕል ቀለም ነው።

ሄለን፦ መፍትሔው ታዲያ አልት ቴክስት፣ ማለትም ከምስሉ ጋር ተያይዞ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው መግለጫ አይደለም?

ዳዊት፦ ኢንስታግራም ላይ አዎ። ከመለጠፍሽ በፊት ዝርዝር ማስተካከያው ውስጥ «Write alt text» የሚል ቦታ አለ። ባዶ ከተውሽው መተግበሪያው ራሱ «ሰው፣ ጽሑፍ» ዓይነት ግምት ይሞላበታል፤ ለፖስተር ይህ ምንም አይጠቅምም። ቴሌግራም ላይ ግን ፎቶን ለብቻው የምንገልጽበት ቦታ የለም። ስለዚህ መግለጫው የሚገባው ካፕሽኑ ውስጥ ነው። በነፃው አካውንት ከፎቶ ሥር 1024 ፊደል ይፈቀዳል፤ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ሄለን፦ እስቲ እንጻፈው።

ዳዊት፦ መጀመሪያ ሰውየው ለመምጣት የሚያስፈልገው ነገር ይቅደም፦ «የመጽሐፍ ምርቃት። ቅዳሜ የካቲት 14፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ወመዘክር አዳራሽ። መግቢያ በነፃ ነው።» ቀኑን 14/6 ብለሽ አትጻፊው። ሲነበብ ክፍልፋይ ሊመስል ይችላል፤ ውጭ ሀገር ያለ አድማጭ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይምታታበታል።

ሄለን፦ ከዚያ ምስሉ?

ዳዊት፦ «ምስሉ፦ የመጽሐፉ ሽፋን። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጀበና ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።» በቃ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። የፖስተሩ ጥግ ላይ ያለውን ጌጥ መዘርዘር አያስፈልግም። አንድ ልዩነት ግን ያዢ፦ ካፕሽን ውስጥ «ምስሉ» ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አድማጩ ስለ ሽፋኑ ይሁን ስለ ታሪኩ አይለይም። አልት ቴክስት ውስጥ ግን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ምስል መሆኑን ቀድሞ ስለሚናገር መድገሙ ትርፍ ነው።

ሄለን፦ ወደ ሀሽታጉ እንምጣ። በእንግሊዝኛ የየቃሉን መነሻ በትልቁ ፊደል መጻፍ ይመከራል፤ `#addisbooklaunch` ከማለት `#AddisBookLaunch`። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም።

ዳዊት፦ የለውም፤ ስለዚህ የታች ሰረዝ እንጠቀማለን። `#አዲስመጽሐፍምርቃት` ብለሽ ስትጽፊ ማሽኑ አንድ ረጅም ቃል ነው ብሎ ይወስደዋል። አማርኛ ላይ ችግሩ የሚብሰው በሳድስ ፊደሎች ነው። «ፍ» የቃል መጨረሻ ላይ ስትሆንና መሐል ላይ ስትሆን አነባበቧ አንድ አይደለም። የ«መጽሐፍ» መጨረሻ ከ«ምርቃት» መጀመሪያ ጋር ሲጣበቅ ጆሮ «ፍም» የሚል ነገር ይይዛል። `#አዲስ_መጽሐፍ_ምርቃት` ሲሆን ግን ቃላቱ ይለያያሉ።

ሄለን፦ ሁለት ነጥብ ብናደርግስ? የቆየው የቃላት መለያችን እሱ ነበር።

ዳዊት፦ «፡» ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ ሀሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። ክፍት ቦታም አጭር ሰረዝም እንደዚያው፤ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በእርግጥ የአንዳንዱ ሰው ስልክ የታች ሰረዙን ስሙን ጠርቶ ያነበዋል፤ ቃሉ ከሚበላሽ ግን ይህ ይሻላል። ሀሽታጎቹን ከሦስት አታሳልፊ፤ የካፕሽኑ መጨረሻ ላይ አድርጊያቸው። ዓረፍተ ነገር መሐል ሲገቡ ንባቡን ይሰብራሉ።

ሄለን፦ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ `endatikeru` ብለው።

ዳዊት፦ ያንን የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው የሚያነበው፤ የሚወጣው ነገር ለማንም አይገባም። በፊደላችን ይጻፍ።

ሄለን፦ ማየት የሚችል ሰው ሥራውን እንዴት ይፈትሽ?

ዳዊት፦ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ከስልኩ ማስተካከያ፣ ከተደራሽነት ክፍል ውስጥ ማብራት ነው። ሲበራ አነካኩ ይለወጣል፦ አንዴ ስትነኪ ያነባል፣ ሁለቴ ስትነኪ ይከፍታል። ማጥፊያውን ሳታውቂ አታብሪው። የግዕዝ ፊደሉን ዘሎ ካለፈ ካፕሽንሽ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ድምፅ ላይኖር ይችላል። `eSpeak NG` የሚባለው ነፃ የንባብ ድምፅ አማርኛን ይዟል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ የተጣበቀ ቃል ግን ወዲያው ያሳብቃል። ከዚያ የተለጠፈውን ተጭነሽ `Edit` ብለሽ ካፕሽኑን ማስተካከል ትችያለሽ፤ ፎቶውን አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ አያስፈልግም።