ከጽሑፉ ጎን የምትቀመጥ ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬም ከጎንደር ነኝ። ሰሞኑን አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ስለላኩት ደብዳቤ ረዘም ያለ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። የቀኑ ብዛት ግን! ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልስ ጠፋ፣ የእንግሊዙ ቆንስል ታሰረ፣ ጦር መጣ። አንባቢ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከጎኑ ቀናቱን በቅደም ተከተል የምትይዝ ትንሽ ሳጥን እያዘጋጀሁ ነው።

መጀመሪያ መቁረጥ ያለብኝ የዘመን አቆጣጠሩን ነው። ሳጥኗ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ አይሆንም፤ እኔ የኛን መርጫለሁ። ምንጮቼ ግን አብዛኞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እዚህ ላይ «ስምንት ቀንስ» የሚለው ልማድ ጉድ ይሠራል። ደብዳቤው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1862 ነው። ስምንት ስትቀንሱ 1854 ይመጣል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሚቀነሰው ግን ሰባት ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 1855። ለንደን የደረሰው በፌብሩዋሪ 1863፣ ማለትም የካቲት 1855 ነው። በትክክል ካሰላችሁት መንገዱ አራት ወር እንኳን አልፈጀም። ካሳሳታችሁት አንድ ዓመት ከአራት ወር ይሆንና ጥፋቱ የመልእክተኛው ይመስላል። ደብዳቤው ያለ መልስ የተቀመጠው ግን ለንደን ከገባ በኋላ ነው።

ቀኑም ተንኮል አለው። ንጉሡ መቅደላ ላይ የሞቱት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። በዛሬው ካላንደር ኤፕሪል 13 ሚያዝያ 5 ነው። ያኔ ግን ሚያዝያ 6 ነበር። ፈረንጆቹ 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን ስላለፉት፣ ከዚያ በፊት ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። ስለዚህ የድሮ ቀን በዛሬ ካላንደር አይመነዘርም።

ከዚያ ምን ይግባ? በ1859 ንጉሡ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጥለዋል። የጎንደር ልጅ ሆኜ ይህን መተው ያንገበግበኛል። ሳጥኗ የያዘችው ግን የደብዳቤውን ጉዞ ነው፤ ቃጠሎው ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፣ እዚያው ይቆይ። የቀሩት አምስት መስመሮች ናቸው፦ በጥቅምት 1855 ደብዳቤው ተጻፈ፤ በየካቲት ለንደን ደረሰ፤ በ1856 ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ በጥር 1858 የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ንጉሡ ዘንድ ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ። የደብዳቤው ሁለት መስመሮች ተጠጋግተው፣ ከነሱ እስከ እስሩ ድረስ ያለው ክፍተት በዓይን እንዲታይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተውኩ። የካሜሮንን እስር ቀን አልጻፍኩም፤ ለዚህ ታሪክ ዓመቱ ይበቃል።

አሁን የቀረኝ ማመሳከር ነው። አርታኢው ጽሑፉን ሲያሳጥር ቀን ይነካል፣ ሳጥኗን ግን ይረሳል። ስለዚህ ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ አትሜ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሳጥኗ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቀን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አሰምርበታለሁ። ጽሑፉ ውስጥ ያላገኘሁት ካለ፣ ወይ ከሳጥኗ ይወጣል ወይ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል።