«ጥሩ ነው፤ ግን የማንም ነው»

ከኮዬ ፈጬ የደወለች ተማሪ፦ «ስለ ሰፈራችን የውሃ ችግር ድርሰት ጻፉ ተባልን። እኔ ቻት ጂፒቲን አጻፍኩት። መምህሬ ‹ጥሩ ነው፤ ግን የማንም ነው› ብሎ መለሰልኝ። አንድም የፊደል ስህተት የለውም እኮ! ምኑ ነው የጎደለው?»

መልስ፦ በስልክ ያነበብሽልኝን አንቀጽ ይዘን እንሂድ። «ውሃ የሕይወት መሠረት ነው። በኮዬ ፈጬ የሚታየው የውሃ እጥረት በነዋሪዎች ጤና፣ ኢኮኖሚና ትምህርት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳድራል። ችግሩን ለመፍታት መንግሥት፣ ኅብረተሰቡና ባለድርሻ አካላት በጋራ ሊሠሩ ይገባል።»

አሁን «ኮዬ ፈጬ» የሚለውን አውጪና «ሐዋሳ» አስገቢበት። የፈረሰ ነገር አለ? የለም። «ውሃ» የሚለውንም በ«መብራት» ለውጪው። ትንሽ ያነክሳል እንጂ አይወድቅም። መምህርሽ የማንም ነው ያለው ለዚህ ነው።

ማሽኑ የሚጽፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። ግምቱን የተማረው ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ነው። «ውሃ» ብለሽ ስትጀምሪለት ብዙ ሰው ወደ ሄደበት ይሄዳል፤ «ሕይወት ነው» ይላል። የእናትሽ ጀሪካን እዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። አንቺም አልነገርሽውም። በዚያ ላይ ከተማረ በኋላ ሰዎች መልሶቹን እያወዳደሩ የትኛው እንደሚሻል ነግረውታል። ጨዋ የሆነውና ማንንም የማያስቀይመው ነጥብ ሲያገኝ ስለኖረ ማሽኑ ወገን መያዝ አይወድም። «በአንድ በኩል… በሌላ በኩል» ይልና ሁሉንም በጋራ አሠርቶ ይሰናበታል።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያነበበው አማርኛ ከእንግሊዝኛው አንፃር ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቃሉ የእኛ፣ አጥንቱ የእንግሊዝኛ ይሆናል። «ወሳኝ ሚና ይጫወታል»፣ «ብቻ ሳይሆን… ጭምር»፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚደረደሩ ስሞች ሲደጋገሙብሽ ጠርጥሪ። (ይሄ በሽታ እኛ ጋዜጠኞችም ላይ አለ፤ ሁሉንም በማሽኑ አናላክክ።)

ጥገናው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቃል በመለወጥ ነው። «ከፍተኛ ተጽዕኖ» የሚለው «ከባድ ጫና» ቢባል ያው ነው። ይልቅ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ማን፣ መቼ፣ ስንት ብለሽ ጻፊ። ቅድም እነዚህን ስጠይቅሽ ወዲያው መለስሽልኝ። ልክ እንደዚያው አስቀምጪው፦

«ውሃ የምትመጣው ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ስለማትወጣ እናቴና እኔ ወርደን እንቀዳለን። ስድስት ጀሪካን ነው ያለን። አርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው፤ እኔ ደግሞ እንቅልፌን እታገላለሁ።»

«ትምህርት ላይ ተጽዕኖ» ያልሽው የአርብ ሒሳብ ሆነ። አሁን ሐዋሳን አስገቢበት ብልሽ እሺ አትይም። ቀጥሎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ በጣትሽ ሸፍነሽ አንብቢው። ምንም ካልጎደለ ቁረጫቸው። ማሽኑ ሲገባም ሲወጣም ሰላምታ ያበዛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ዝርዝር ጨምርበት» ብለሽ መልሰሽ ለማሽኑ እንዳትሰጪው። ይጨምርልሻል፤ የሌሉ ወይዘሮና ማንም ያልቆጠረው ፐርሰንት ፈጥሮ።

ከለገጣፎ የደወሉ መምህር፦ «እኔ የተማሪዎቼን ድርሰት መመርመሪያ ሳይት ላይ አስገባለሁ። ‹የማሽን ነው› ካለኝ ዜሮ ብሰጥ ጥፋት አለው?»

መልስ፦ አለው፣ መምህር። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መመርመሪያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና ከ100 የማሽን ጽሑፍ የያዘው 26ቱን ብቻ ነው። ከ100 የሰው ጽሑፍ ደግሞ 9ኙን የማሽን ነው ብሏል። ያውም በእንግሊዝኛ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው።

ከላይ ለተማሪዋ የነገርኳት ምልክትም ቢሆን «የማሽን ነው» ብሎ አያስፈርድም። ድርሰቱ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። እኛም «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» ተብለን ነው ያደግነው፤ በተረት ጀምረን በምክር የጨረስን ሰዎች ነን። ሸምድዶ የጻፈ ልጅ እንደ ማሽን ይሸታል።

ልጁን አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት። ወረቀቱን እርስዎ ይያዙና አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠው «ይሄን የት አየኸው?» ይበሉት። ካየው ያወራልዎታል፤ ያወራውን እዚያው ጽፎ ያስገባ። ካላየው ዜሮውን ትተው ወደ ሰፈሩ ይላኩትና አይቶ ይምጣ።